ከውጭ አገር በአዲስ ቁጥር የሚመጣ የገንዘብ ጥያቄ

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ መስሎ ከማይታወቅ ቁጥር በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሞ በመጻፍ አስቸኳይ ገንዘብ የሚያስልክ የማጭበርበር ዘዴ ነው። በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በአውስትራሊያ «እማዬ፣ ስልኬ ጠፋ» እያለ ለወላጆች የሚጽፍ መልክ ይዞ ተስፋፍቶ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሰዉን በቀላሉ የሚያሳምነው ሌላ ልማድ አለ። ዓረብ አገር ያለች ልጅ ለጓደኛዋ እዚያው በሪያል ወይም በድርሃም ትሰጣለች፤ የጓደኛዋ ቤተሰብ ደግሞ እዚህ ለእናቷ በብር ይከፍላል። ስለዚህ የማያውቁት ሰው ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ማስገባት ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። አጭበርባሪው የሚገባው በዚህ በር ነው።

አንድ የተለመደ አካሄድ እንውሰድ። እህቷ ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ሴት አዲስ አበባ ሆና በ+966 ከሚጀምር ቁጥር መልእክት ይደርሳታል። «እህቴ እንዴት ናችሁ? ስልኬ ተሰብሮ ነው፣ ይሄንን ያዢው።» ፎቶው የእህቷ ነው፤ ከፌስቡክ የተወሰደ መሆኑ አያስታውቅም። ጥቂት ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ጥያቄው ይመጣል። የጓደኛዋ እናት ሆስፒታል ገብተዋልና 40,000 ብር ዛሬውኑ በዚህ የቴሌብር ቁጥር ይግባላቸው፤ ሪያሉን እሷ ከጓደኛዋ ተቀብላለች፣ በወሩ መጨረሻ ትልካለች። ስልክ ሲደወልላት አታነሳም፤ «ማዳም አጠገቤ ናት፣ ማውራት አልችልም» ብላ ትጽፋለች።

አስቸጋሪው ነገር እውነተኛዋ እህትም ይህንኑ ቃል በቃል ልትጽፍ መቻሏ ነው። የቤት ሠራተኞች ስልካቸው በአሠሪ ይወሰዳል፣ ከጓደኛ ተውሰው ይጽፋሉ፣ በፈለጉት ሰዓት አያወሩም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ስለሚታገድ ከዱባይ «መደወል አልችልም» መባሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። የአገር መለያ ቁጥሩም ማስረጃ አይደለም፤ የሌላ አገር ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ተከራይቶ ዋትስአፕ መክፈት ይቻላል። በእነዚህ ምልክቶች ብቻ ማመንም መካድም ስህተት ነው። የተቸገረችን ልጅ «ሌባ ነሽ» ብሎ መዝጋትም ከባድ ጉዳት አለው።

የሚያዋጣው ጸሐፊው ባልሰጠው መንገድ መድረስ ነው። መጀመሪያ በድሮው ቁጥር፣ በኢንተርኔት ሳይሆን በመደበኛ የስልክ ጥሪ ይደወላል። የድሮው ቁጥር ከጠራ «ስልኬ ተሰበረ» የሚለው ወሬ ወዲያው ይጠረጠራል። ካልጠራ እዚያው ከተማ ያለ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ይፈለጋል፤ የዚህ ሰው ቁጥር ግን ቀድሞ በእጅ የነበረ መሆን አለበት፣ በመልእክቱ የተላከ ቁጥር ወደ ጸሐፊው ራሱ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ካልተሳካ ጥያቄ ይቀራል። የልደት ቀን፣ የትምህርት ቤት ወይም የእናት ስም አይጠቅምም፣ ፌስቡክ ላይ ይገኛል። ይበልጥ የሚሠራው ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ አድርጎ መጻፍ ነው፦ «ባለፈው የላክሽው ሽቶ እኮ ደረሰኝ።» እህት ከሆነች «የምን ሽቶ?» ትላለች፤ አጭበርባሪው «እሺ ደስ ይበልሽ፣ ብሩን ግን ቶሎ በይ» ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀድሞ ነው። ስም ያልጠቀሰ መልእክት ሲመጣ «አንቺ ትንሿ ነሽ እንዴ?» ብሎ ስሙን ራሱ ይነግረዋል። የድምፅ መልእክትም ብቻውን አይበቃም፤ የተጠለፈ ሒሳብ ውስጥ ከተገኘ የቆየ ንግግር ተቆርጦ ሊላክ ይችላል።

ከአሜሪካ ነኝ ለሚል ሰዓቱንም ማየት ይረዳል። አዲስ አበባ ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ዘመድ ካልሆነ ይህ ያጠራጥራል።

ገንዘብ ከመላኩ በፊት ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ የምስጢር ቁጥሩ መግባት ያለበት ይህ ስም ታመሙ ከተባሉት እናት ስም ጋር ከተመሳከረ በኋላ ነው። ስሙ የወጣት ወንድ ሆኖ «የወንድሜ ልጅ ነው» የሚል ማብራሪያ ከተከተለ ቆም ማለት ይገባል። ስሙ ቢገጥምም በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሒሳብ ሊሆን ስለሚችል የድሮው ቁጥር ጥሪ አይቀርም።

ገንዘቡ ከሄደ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው፤ ተቀባዩ ወዲያው ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውረዋል ወይም ያወጣዋል። የግብይት ቁጥሩን ይዞ ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 መደወልና ሒሳቡ እንዲታገድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን መሰል ማታለል በወንጀል ያስቀጣል። የተጻጻፉት ከመጥፋቱ በፊት ቁጥሩና ሰዓቱ እንዲታይ ሆኖ ፎቶ መነሣት አለበት። በንዴት ቁጥሩን ዘግቶ ጽሑፉን ማጥፋት ለመርማሪው የሚቀረውን መረጃ ይወስዳል።