ጠዋት 2 ሰዓት፦ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የተከራይ ማስጠንቀቂያ እርማት

ሀርሺን ላይ የኪራይ ጭቅጭቅ ቢነሳ ስለ ብርካው ውኃ ወይም ስለ ጣሪያው ይሆናል እንጂ ስለ ማሞቂያ አይሆንም። ከዚያ ወጥቶ ፈረንሳይ ለገባ ሰው ግን በኅዳር ወር የተበላሸ ማሞቂያ የመጀመሪያው የሕግ ጉዳዩ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩንም በፈረንሳይኛ መጻፍ አለበት። ይህ መጣጥፍ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲታረም ምን እንደሚታይ ይመረምራል። ለማሳያ ያዘጋጀሁት ረቂቅ ሀርሺን ተወልዳ ያደገችና በፈረንሳይ አንድ ከተማ አፓርታማ የተከራየች ሴት እንደጻፈችው ሆኖ የተቀናበረ ነው። ስሕተቶቹ ግን በአማርኛ የሚያስብ ሰው ፈረንሳይኛ ሲጽፍ የሚሠራቸው ናቸው።

ረቂቁ ባጭሩ ይህን ይላል፦ ማሞቂያው ከኅዳር 1 ጀምሮ አልሠራም፤ ለአከራዩ በስልክ ነግሬአለሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ 13 ዲግሪ ነበር፤ እባክዎን ቢያስጠግኑልኝ ደስ ይለኛል፤ በስምንት ቀን ውስጥ ካልተጠገነ ኪራይ አልከፍልም፤ ስለ ትብብርዎ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ፊደል ብቻ የሚያይ አራሚ ጥቂት አክሰንቶችን አስተካክሎ ይመልሰዋል። እኔ ቀዩን እስክሪብቶ መጀመሪያ የማሳርፈው «ቢያስጠግኑልኝ ደስ ይለኛል» ላይ ነው። ጸሐፊዋ ይህን በፈረንሳይኛው የምኞት አገባብ፣ «ዠ ቩድሬ» ብላ ጽፋዋለች። ጨዋ አነጋገር ነው፤ ችግሩ ልመና መሆኑ ነው። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1344 ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም በበቂ ሁኔታ መጠየቁ ከጽሑፉ እንዲታይ ይፈልጋል። ለዚህ የቆየው ሐረግ «ዠ ቩ ሜ አን ደሜር» ነው፤ ትርጉሙ «አስጠነቅቅዎታለሁ» ከሚለው ይቀርባል። ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር፤ ረቂቁንም የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የሕጉ ቁጥር 1772 ተዋዋይ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ጅግጅጋ የሚሠራ ጠበቃ «ማስጠንቀቂያ» ሲል የሚያስበውና ፓሪስ ያለው ባልደረባው «ሚዝ አን ደሜር» ሲል የሚያስበው እጅግ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ርእስ ይህ ሐረግ ይሆናል፤ በአካሉም አንድ ጊዜ በግልጽ ይደገማል። አክብሮቱ ግን አይነካም። «ቩ» እንዳለ ይቆያል፤ የመዝጊያው የሰላምታ ቀመርም እንደ ወጉ ይጻፋል። «አስቀድሜ አመሰግናለሁ» ብቻ ይወጣል፤ ምስጋና ውለታ ለዋለ ሰው ነው፣ አከራዩ ደግሞ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው ያለበት።

ቀጥሎ ጊዜው። በአማርኛ «ከኅዳር 1 ጀምሮ አልሠራም» ስንል ያለፈ ጊዜ ግስ ተጠቅመን ነገሩ ዛሬም እንዳለ እንረዳለን። ጸሐፊዋ ይህንኑ ወደ ፈረንሳይኛ ወስዳ ግሱን በኃላፊ ጊዜ፣ አሉታውን በ«ፓ» አድርጋዋለች። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት አይደለም፤ ሁለት ነገር ግን ሳይናገር ይቀራል። ፈረንሳይኛ ዛሬም የቀጠለን ነገር በአሁን ጊዜ ይገልጻል፤ «ፕሉ» የሚለው አሉታ ደግሞ ዕቃው ቀድሞ ይሠራ እንደነበርና አሁን እንዳቆመ ይናገራል። «ለ ሾፋዥ ን ፎንክስዮን ፕሉ» የሚለው «ሲሠራ የነበረው ማሞቂያ አሁን አይሠራም» ማለት ነው። እዚህ ላይ «ን» መውደቅ የለባትም። በንግግር ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ይጥሏታል፤ በጽሑፍ ከወደቀች ግን «ፕሉ» «ይበልጥ» ተብሎም ሊነበብ ስለሚችል፣ ማሞቂያው ይበልጥ ይሠራል የሚል አስቂኝ ቅሬታ ይወጣል።

ቀኑም አለ። ኅዳር 1 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ነው፤ «ኅዳር»ን «ኖቬምበር» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ የተወ ሰው ብልሽቱን በዘጠኝ ቀን ያስቀድመዋል። ከሁሉም የከፋው ግን ሰዓቱ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለው በረቂቁ ላይ በቀጥታ «ዱ ዘር ዱ ማታን» ሆኗል። ይህ ለፈረንሳይ አንባቢ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው! አከራዩ «ማሞቂያው ሌሊት በራሱ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሞላ ነው» ብሎ ቢመልስ ማን ይከራከረዋል? ተከራይዋ የለካችው በፈረንጆቹ 8 ሰዓት፣ ሰው ተነሥቶ ቁርስ በሚበላበት ሰዓት ነው። ሰዋስውን ብቻ የሚያይ አራሚ ይህን ስሕተት በፍጹም አያገኘውም፤ ዐረፍተ ነገሩ እንከን የለሽ ነውና። የሚያገኘው ጸሐፊዋን «በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

«በስምንት ቀን» ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። እኛ «የዛሬ ስምንት» ስንል ሳምንት ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ በፈረንሳይኛም «ዊ ዡር» በልማድ አንድ ሳምንት ነው። ሰባት ነው ስምንት? ከተጻፈበት ቀን ነው ከደረሰበት? ደብዳቤው የሚላከው በአደራ ፖስታ፣ ከመድረሻ ማረጋገጫ ጋር ነው፤ ተቀባዩ ቤት ካልተገኘ ፖስታ ቤቱ 15 ቀን ያቆይለታል። «ከደረሰዎት ጀምሮ» የሚል ቃል ተከራይዋን ራሷን በብርድ ያስጠብቃታል። ስለዚህ ሐረጉን ሰርዤ ቁርጥ ያለ ቀን አስገባለሁ፦ ደብዳቤው ኖቬምበር 24 ከተላከ «እስከ ዲሴምበር 4 ቀን 2025 ድረስ»።

«ኪራይ አልከፍልም» የሚለውን ማረም የአራሚ ሥራ ነው ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። ቢያንስ ጠቁሞ መመለስ ሥራው ነው እላለሁ። በፈረንሳይ ተከራይ በራሱ ሥልጣን ኪራይ ቢያቆም ተበዳይነቱ ቀርቶ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። የጁላይ 6 ቀን 1989ኙ የኪራይ ሕግ አከራዩ ለኑሮ ብቁ የሆነ ቤት እንዲያስረክብ ያስገድዳል፤ የ2002ቱ ድንጋጌም የብቁ ቤት መለኪያ አድርጎ ከሚዘረዝራቸው አንዱ በተለመደው መጠን የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ኪራዩን መቀነስ ወይም ማገድ የሚችለው ዳኛው ነው። ስለዚህ ዛቻው «ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ለዳኛ አቀርባለሁ» ወደሚል ይለወጣል፤ ግሱም በተራ የወደፊት ጊዜ ይሆናል፣ «አቀርብ ይሆናል» ሳይሆን «አቀርባለሁ»።

አንድ ጥያቄ በኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ፦ ቦይለሩ የሕንፃው ነው ወይስ የአፓርታማው ብቻ? የአፓርታማው ከሆነ ዓመታዊ እድሳቱ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የተከራዩ ድርሻ ነው። አከራዩም መጀመሪያ የሚያነሳው ይህን ነው። የእድሳቱ ወረቀት ካላት ቅጂው ይያያዝ፤ ከሌላት ደብዳቤው ስለ እድሳቱ ዝም ይበል እንጂ ያልተደረገውን ተደረገ አይበል።

የመጨረሻው እርማት የአንድ ፊደል ነው። ዛቻውን ስትለውጥ ጸሐፊዋ «ወደ ዳኛ ለመሄድ እገደዳለሁ» የሚል ሐረግ ከአንድ ናሙና ደብዳቤ ገልብጣ ጨምራለች፤ «ኮንትራን» ይላል፣ በወንድ ጾታ። በአማርኛ «እገደዳለሁ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም፤ ስለዚህ ዓይኗ አልፎታል። በፈረንሳይኛ ግን ሴት ከሆነች መጨረሻው ላይ አንዲት «ኧ» ፊደል ትጨመራለች፣ ቃሉም «ኮንትራንት» ተብሎ ይነበባል። ያለዚያች ፊደልም ማስጠንቀቂያው በሕግ ፊት ይቆማል። የሚያነበው አከራይ ግን ከግርጌው የሴት ስም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የወንድ ጾታ ሲያይ፣ ደብዳቤው የተገለበጠ እንጂ የተመከረበት እንዳልሆነ ይገምታል።