ቢግ ቤን፣ የቺካጎ ሸክላ አፈር እና ከዋሻ በላይ የሚፈጠረው ገንዳ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የአፈር ሜካኒክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ደግሞ ግማሹን ታውቁታላችሁ፣ ግማሹን ግን በሰዓት እጥረት ክፍል ውስጥ ዘልዬው ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን ዌስትሚኒስተር ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ ያን የሚያስፈራ ጥልቅ የኮንክሪት ጉድጓድ አይታችሁታል። ከመንገዱ እስከ ታች 39 ሜትር ነው። ከጎኑ ሁለት የባቡር ዋሻዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ያልፋሉ። ይሄ ሁሉ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲቆፈር፣ ከቁፋሮው ወደ 34 ሜትር ብቻ ራቅ ብሎ በ1859 የተጠናቀቀው የሰዓት ማማ ቆሞ ነበር። ቁመቱ 96 ሜትር፣ ክብደቱ ከ8,000 ቶን በላይ፤ የተቀመጠው ደግሞ ጎንና ጎኑ 15 ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሜትር በሆነ የኮንክሪት መሠረት ላይ ነው። ፓይል የሚባል ነገር የለውም። ሥሩ ያለው አፈር ሲንቀሳቀስ እሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

መሐንዲሶቹ ማማው ስንት ሚሊ ሜትር ሊያዘም እንደሚችል ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አስልተው ነበር። ስሌቱ ከየት መጣ? ታሪኩ የሚጀምረው ቺካጎ ነው።

በ1938 የቺካጎ ከተማ ከዋናው የንግድ ጎዳና ከስቴት ስትሪት ሥር የምድር ባቡር ዋሻ ለማስቆፈር ተነሳ። የቺካጎ መሬት ለስላሳ፣ ውኃ የጠገበ ሸክላ አፈር ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ትላልቅ መደብሮች ብዙዎቹ መሠረታቸው ጥልቅ አልነበረም። ባለንብረቶቹ ፈሩ፣ መፍራታቸውም ልክ ነበር። ከተማው ካርል ቴርዛጊን በአማካሪነት ቀጠረ፤ ያ የአፈር ሜካኒክስ አባት የምንለው ሰውዬ። ቴርዛጊም ቦታው ላይ ላቦራቶሪ እንዲቋቋምና እሱ የመረጠው ሰው እንዲመራው አደረገ። የተላከው ወጣት ራልፍ ፔክ ነበር፣ 26 ዓመቱ። የሚገርመው ፔክ የድልድይ መሐንዲስ ለመሆን ነበር የተማረው፤ ሥራ ሲያጣ ነው ወደ አፈር የዞረው።

እነ ፔክ ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ላይ መንገዱ ላይ ምልክት ተክለው ስንት እንደሰመጠ ይለካሉ። ታች ዋሻው ውስጥ ደግሞ ገና ባልተቆፈረው ሸክላ ውስጥ ነጥቦች አስገብተው አፈሩ ወደ ባዶው ቦታ ስንት እንደተጠጋ ይለካሉ። ሊጥ ውስጥ ጣታችሁን ሰክታችሁ ብታወጡ ቀዳዳው ቀስ እያለ ይጠባል አይደል? ለስላሳ ሸክላም እንደዚያ ነው። ቆፋሪው ፊት ለፊቱን ሲከፍት አፈሩ ወደሱ ይገፋል፤ ጣሪያው ድጋፍ እስኪገባለት ዝቅ ይላል፤ ከድጋፉ ጀርባ የቀረችው ክፍተትም ትሞላለች። ስለዚህ ከዋሻው ስፋት በላይ የሆነ አፈር ይወጣል ማለት ነው።

ሁለቱን ልኬት ሲያወዳድሩ፣ ታች ወደ ዋሻው የገባው ትርፍ አፈርና ላይ መንገዱ ላይ የጎደለው ይዘት እኩል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ውኃ የጠገበ ሸክላ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ውኃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ይዘቱ አይቀየርም። ታች የጠፋው ላይ ይታያል፣ በቃ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለባለንብረቶቹም ለከተማውም ትልቅ ነበር፤ መስመጡ ከሰማይ የመጣ ዕጣ ሳይሆን በቁፋሮው ዘዴ ልክ የሚመጣ ነው። ቶሎ ደግፍ፣ ትንሽ ትንሽ ክፈት፣ መንገዱ ትንሽ ይሰምጣል። እውነትም የቁፋሮውን ቅደም ተከተል ሲያስተካክሉ ከላይ ያለው መስመጥ ቀነሰ።

ከዚያ 30 ዓመት ዝለሉ። በ1969 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ ፔክ፣ አሁን የተከበረ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ ከብዙ ዋሻዎች የተሰበሰቡ ልኬቶችን አቀረበ። ከዋሻው በላይ ያለው መሬት ሲቆረጥ ቢታይ ጎድጎድ ያለ ገንዳ ይመስላል፤ መካከሉ ከዋሻው በላይ በትክክል ይውላል፣ ወደ ጎን ቀስ እያለ ከደረጃው ጋር ይገናኛል። ይህ ቅርጽ የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚወዱት የጋውስ ኩርባ ተገልብጦ ሲቀመጥ ነው፤ ማለትም የተገለበጠ ደወል።

```
S = Smax · exp(−x² / 2i²)
```

S ከመካከሉ x ሜትር ርቆ ያለው ስምጠት ነው። Smax መካከሉ ላይ ያለው ነው፤ i ደግሞ ገንዳው ከጎድጓዳነት ወደ ጉብታነት የሚታጠፍበት ነጥብ ከመካከሉ ያለው ርቀት። እዚያ ነጥብ ላይ ስምጠቱ የመካከሉ 61 ከመቶ ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ኩርባ ከአፈር ቲዎሪ ተነስቶ የተረጋገጠ አይደለም። ልኬቶቹ ላይ ሲያስቀምጡት ገጠመ፣ ስለዚህ ያዙት። እኔ ይህን ሐቀኝነት እወደዋለሁ።

በ1982 ኦራይሊ እና ኒው የተባሉ እንግሊዛውያን የብሪታኒያን ልኬቶች ሰብስበው በሸክላ አፈር i የዋሻው ጥልቀት ግማሽ ያህል መሆኑን አሳዩ። ከዚህ በኋላ ስሌቱን በፖስታ ጀርባ መሥራት ይቻላል። እንሥራው።

ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ክብ ዋሻ፣ መካከሉ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ አፈሩ የለንደን ሸክላ ነው እንበል። የዋሻው ስፋት በካሬ ሲሰላ ወደ 19.6 ካሬ ሜትር ነው። በጥሩ ቁፋሮ የሚጠፋው ትርፍ አፈር የዚህ 1.5 ከመቶ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ የዋሻ ሜትር 0.29 ሜትር ኩብ። i 10 ሜትር ነው። የገንዳው ስፋት በካሬ 2.5 ሲባዛ i ሲባዛ Smax ስለሆነ፣ መካከሉ የሚሰምጠው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማንም አያየውም።

አሁን ያንኑ ዋሻ፣ ያንኑ ቆፋሪ፣ ያንኑ 1.5 ከመቶ ይዛችሁ ወደ 10 ሜትር ጥልቀት አምጡት። i ወደ 5 ሜትር ይወርዳል፤ መካከሉ 24 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። እጥፍ ሆነ። ግን ቤት የሚሰነጥቀው መስመጡ ራሱ አይደለም እኮ! ቤቱ በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው የመሬቱ ዘንበል ማለትና መታጠፍ ነው። ትልቁ ዝንባሌ i ነጥብ ላይ ሲሆን በመጀመሪያው ዋሻ በሜትር 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው ወደ 2.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ዝንባሌው አራት እጥፍ አደገ። ከ i ወዲያ ያለው የገንዳው ጠርዝ ደግሞ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ የጡብ ግድግዳ ከላይ በኩል ይለጠጣል፤ ጡብ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ስንጥቁ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ሲሄድ ካያችሁ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ወደ ለንደን እንመለስ። የጁቢሊ መስመር ማራዘሚያ ሲሠራ ዋሻዎቹ ዌስትሚኒስተር ከመድረሳቸው በፊት በሴንት ጄምስ ፓርክ ሥር ያልፋሉ። ፓርክ ስለሆነ ላዩ ሕንፃ የለም፣ ተመራማሪዎች በመለኪያ ሞልተውት ነበር። በ1995 የመጀመሪያው ዋሻ በ31 ሜትር ጥልቀት ሲያልፍ አነስ ያለ ብክነት ነበር የተጠበቀው። የተለካው 3.3 ከመቶ ሆነ! ቆፋሪዎቹ ከብረት ጋሻው ፊት አልፈው ሁለት ሜትር በሚጠጋ ርቀት ያለ ድጋፍ ይቆፍሩ ነበር፤ አፈሩ ራሱም እዚያ አካባቢ ውኃ በቀላሉ የሚያሳልፉ ንብርብሮች ነበሩት። ኩርባው አልዋሸም፤ ቅርጹ እንደተባለው የደወል ቅርጽ ነበር። የተሳሳተው የአፈር ብክነቱ ግምት ነው። ቀመሩ የማይነግራችሁም ይህንኑ ነው፤ ብክነቱን የሚወስነው ቆፋሪው ነው።

አሁን ማማው። ምክር ከሰጡት ሰዎች አንዱ የኢምፔሪያል ኮሌጁ ጆን በርላንድ ነበር፤ በኋላ የፒዛን ዘማማ ማማ ካቀኑት አንዱ። ይህ ሰው በ1970ዎቹ ለፓርላማው መኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ከማማው አጠገብ ሲቆፈርም የማማውን እንቅስቃሴ ተንብዮ ለክቶታል፤ ስለዚህ ማማውን እንደ ዱሮ ታካሚው ያውቀዋል። ማማው ከበፊቱም ወደ ሰሜን ምዕራብ ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ዋሻዎቹም የሚያልፉት በሰሜን በኩል ነው። ገንዳው ወደዚያው ይስበዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ታች የጠፋውን አፈር ላይ ከመድረሱ በፊት መተካት ነበር። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከዚያ ውስጥ በአግድም፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው፣ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ከማማው መሠረት ሥር ገቡ። ቱቦዎቹ በየተወሰነ ርቀት ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳዎቹ ከውጭ በጎማ ቀለበት ተሸፍነዋል። ግራውት፣ ማለትም ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ፣ በግፊት ሲላክ ጎማውን ገፍቶ ወደ ሸክላው ይገባል፤ ሲያቆሙት ጎማው ይዘጋል። ስለዚህ ያንኑ ቀዳዳ ነገም መጠቀም ይቻላል። የሚፈለገውን ቀዳዳ መርጦ የማማውን ሰሜናዊ ጠርዝ ብቻ በትንሹ መደገፍም ይቻላል።

መለኪያው ምን ነበር መሰላችሁ? ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎቹ ጋር ቱንቢም ነበር። አዎ፣ ግንበኛው የሚይዘው ዓይነት፣ ማማው ውስጥ ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ። ከመሠረቱ 55 ሜትር ከፍታ ላይ የማዘሙ ጭማሪ 35 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ተወሰነ። ወደ ገደቡ ሲጠጋ ቆፋሪዎቹ ይነገራቸዋል፣ ግራውት ይገባል፣ ማማው ትንሽ ይመለሳል፣ ቁፋሮው ይቀጥላል፣ እንደገና ያዘማል። ከ1996 መጀመሪያ እስከ 1997 መስከረም ድረስ እንዲህ ከ20 ጊዜ በላይ ተደረገ፤ በጠቅላላው ከ100 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ግራውት ገባ። ባይገባ ኖሮ ጭማሪው በዚያው ከፍታ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆን ነበር፤ ማማው ከፓርላማው ሕንፃ ጋር የሚገናኝበት ግድግዳም በደንብ ይሰነጠቅ ነበር።

ሥራው አልቆ ግራውቱ ሲቆም ማማው ወዲያው ዝም አላለም። ሸክላው ቀስ እያለ ውኃውን ያንቀሳቅሳል፣ ገንዳውም ለዓመታት እየሰፋ ይሄዳል፤ ይህን የፔክ ኩርባ አይነግራችሁም፣ እሱ የቁፋሮውን ዕለት ብቻ ነው የሚያሳየው። በ2011 የማማው ጠቅላላ ዘመምታ 0.26 ዲግሪ መሆኑ በጋዜጣ ሲወጣ ከተማው ተረበሸ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ግን ዋሻው ከመቆፈሩ በፊት የነበረ ነው። ሰዓቱ አሁንም በትክክል ይሠራል፤ ቱንቢው ደግሞ ከ1997 በኋላም ለዓመታት መነበቡን ቀጥሎ ነበር።