የብክለት ታክስ

የብክለት ታክስ አንድ አምራች ወይም ተጠቃሚ አየርን፣ ውኃን ወይም መሬትን ሲበክል በሌሎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዋጋው ውስጥ እንዲከፍል የሚያደርግ ግብር ነው። ከቅጣት የሚለየው ሕግ ባይጣስም በየኪሎው መከፈሉ ነው።

አመጣጥ

ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ በ1920 እ.ኤ.አ. «የደኅንነት ምጣኔ ሀብት» የተባለውን መጽሐፍ ላሳተመው እንግሊዛዊ አርተር ሲሲል ፒጉ ይሰጣል። ይህ አከራካሪ ነው። መምህሩ አልፍሬድ ማርሻልና ከእሱ የሚቀድመው ሄንሪ ሲጅዊክ መንገዱን እንደጠረጉለት የሚናገሩ አሉ። ሮናልድ ኮዝ በ1960 እ.ኤ.አ. መብቱ በግልጽ ከተለየና መደራደር ወጪ ከሌለው ሁለቱ ወገኖች ያለ ታክስም ሊስማሙ እንደሚችሉ ተከራክሯል። በወንዝ ዳር ግን ተጎጂው ብዙ ሺህ ሰው ስለሆነ ድርድሩ የሚሆን አይመስልም። ለአፈጻጸም የበለጠ የጠቀመው የባውሞልና የኦትስ የ1971 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ነው፦ የጉዳቱን ትክክለኛ ዋጋ ማወቅ ስለሚያዳግት መጀመሪያ የሚፈለገው የውኃ ጥራት ይወሰን፣ ታክሱም እዚያ እስኪደረስ ድረስ ከፍ ይበል።

የካርቦን ታክስ

ፊንላንድ በ1990 እ.ኤ.አ. ጀመረች። ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ደቡብ አፍሪካ ስትሆን በ2019 እ.ኤ.አ. በቶን 120 ራንድ ተምና ተነሣች።

ተሽከርካሪዎች

በኢትዮጵያ ለዚህ ታክስ የሚቀርበው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሆኖም የሚከፈለው ዕቃው ሲገባ እንጂ በሚተፋው ጭስ ልክ አይደለም። በአዳማ መንገድ የሚመላለስ የቆየ ሚኒባስ ለጭሱ ተጨማሪ አይከፍልም፤ የምትኩ መወደድም ባለቤቱን ይበልጥ እንዲያቆየው ይገፋፋዋል።

በአዋሽ ተፋሰስ

የአዲስ አበባና የሞጆ ቆሻሻ በአዋሽና በገባሮቹ ወደ ቆቃ ይገባል፤ አዋሽ ከዚያ በመልካሳ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውኃም የሚቀዳው ቆቃ አካባቢ ከዚሁ ወንዝ ነው። ለማጥራት የሚጠቅመው አሉሚኒየም ሰልፌት ደግሞ እዚያው አዋሽ መልካሳ በሚገኘው ፋብሪካ ይመረታል። ላይኛው ሲበክል የማጥሪያውን ወጪ የሚሸከመው ታችኛው ነው። ጉዳቱን በብር መተመን ግን ቀላል አይደለም፤ ድፍርሱ ከተሸረሸረ ማሳም ስለሚመጣ የማጥሪያውን ወጪ ሁሉ በፋብሪካ ላይ መጣል ስህተት ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚለቁት ጨው ደግሞ በዚህ የማጥሪያ ዘዴ እንደ ደለል የሚወገድ አይደለም።

የሕግ መሠረት አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል፤ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽ ወደ ውኃ ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። እነዚህ ግን በየኪሎው ከሚከፈል ታክስ ጋር አንድ አይደሉም። ከገደቡ በታች የሚለቅ ሰው የበለጠ ለመቀነስ ምክንያት የለውም።

ልዩነቱን ለማየት በምሳሌ ቁጥሮች እናስላ። አንድ ፋብሪካ በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይለቃል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ የወንዙን ኦክስጂን የሚጨርስ 1 ኪሎ ቆሻሻ አለ እንበል። ታክሱ በኪሎ 10 ብር ቢሆን በቀን 5,000 ብር ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ በማዝቀጫ ገንዳ ማስወገድ በኪሎ 6 ብር፣ የቀሩትን 200 ደግሞ በኪሎ 15 ብር የሚፈጅ ከሆነ ባለቤቱ 300ውን በ1,800 ብር ያጸዳል፣ ለቀሪው 2,000 ብር ታክስ ይከፍላል፤ ጠቅላላ ወጪው 3,800 ብር ነው። ታክሱ 5 ብር ቢሆን ግን አንድ ኪሎም አያጸዳም፤ 2,500 ብሩን ከፍሎ መልቀቁን ይቀጥላል። ዝቅተኛ ታክስ የመበከል ፈቃድ ይሆናል። በአዋሽ የመስኖ ውኃ ክፍያ ለረጅም ጊዜ በ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ሆኖ መቆየቱ ይህ ሥጋት ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ችግር ልኬት ነው። ደንቡ በሊትር ያለውን መጠን ብቻ ካየ፣ ፋብሪካው የጉድጓድ ውኃ ጨምሮ ፍሳሹን በማቅጠን ያልፋል፤ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻ ግን ያው ነው። ስለዚህ ታክሱ የሚሰላው የፍሳሹ መጠን በክምችቱ ተባዝቶ ነው። ተቆጣጣሪ ቀን መጥቶ በአንድ ጠርሙስ የሚወስደው ናሙናም ሌሊት የሚለቀቀውን አያሳይም። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ በ24 ሰዓት የሚጠራቀም ናሙና ያስፈልጋል፤ በመውጫ ቱቦው ላይም የፍሰት ቆጣሪ መተከል አለበት። ፋብሪካው የሚጠቀመው ውኃ ከፍተኛ ሆኖ በቆጣሪው የሚወጣው ትንሽ ከሆነ ሌላ የተደበቀ መውጫ ሊኖር ይችላል።

በአዋሽ ላይ እንዲህ ያለ ታክስ ከታሰበ ከታሪፉ ክርክር በፊት ቆጣሪው በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ይተከል።