ከባሕር ማዶ የመጣ መድኃኒት በአገር ቤት ስሙ ማን ነው?

ከቆቦና ከራያ ቆላማ ቀበሌዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ የሚሄዱ ወገኖች ብዙ ናቸው። ከተመላሾቹ መካከል የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም እዚያው የተገኘባቸው ይኖራሉ፤ ሻንጣቸው ውስጥም የዓረብ አገር ካርቶንና በዓረብኛ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ አይጠፋም። መድኃኒቱ አልቆ ወደ ቆቦ መድኃኒት መደብር ሲሄዱ ግን በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም የሚያውቀው ላይገኝ ይችላል።

ምክንያቱ አንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ስም ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ስም ሲሆን ባለሙያዎች ጄኔሪክ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ሁለተኛው ስም በየአገሩ አንድ እንዲሆን ሲሠራ ቆይቷል፤ የንግድ ስሙን ግን የሚመርጠው ሻጩ ነው። በካርቶኑ ላይ የንግድ ስሙ በትልቁ ይጻፋል፤ ጄኔሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ይገኛል። በዓረብኛ ያልገባ በሌላው ገጽ በላቲን ፊደል ይነበባል። ስለዚህ ካርቶኑን ጥሎ ኪኒኑን ብቻ በላስቲክ ቋጥሮ መምጣት ዋናውን መረጃ ጥሎ መምጣት ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ዳኦኒል 5 ሚሊ ግራም እና ግሉኮፋጅ ኤክስ አር 1000 ሚሊ ግራም ይዘው ተመለሱ እንበል። የዳኦኒል ጄኔሪክ ስም ግሊቤንክላማይድ ነው። ወደ ጤና ተቋም ሄደው የያዙትን ሳያሳዩ «ስኳር አለብኝ» ቢሉ፣ ሐኪሙ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም ሊያዝላቸው ይችላል። ቤተሰቡ ስሙ የተለየ ስለሆነ አዲስ መድኃኒት የተጨመረ መስሎት ሁለቱንም ይሰጣል። ሕመምተኛዋ በአንድ ጊዜ የወሰዱት 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘላቸውን እጥፍ ነው።

ይህ መድኃኒት ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከልክ በታች ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኀብና የልብ ምት መፍጠን ይታያል፤ ሲብስ ንግግር ይዛባል፣ ሕመምተኛው ራሱን ይስታል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው በስኳር የበረታ ውኃ ይሰጠዋል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ፦ የግሊቤንክላማይድ ኃይል ለረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ሕመምተኛው ከተሻለው በኋላ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቢነቃም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ግሉኮፋጅ በጄኔሪክ ስሙ ሜትፎርሚን ነው። እዚህ ላይ ስሙን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ «ኤክስ አር» የሚለው ተቀጥላ መድኃኒቱ በሆድ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚለቀቅ መሆኑን ያመለክታል። የሚገኘው ተራው ሜትፎርሚን ከሆነ በቀን አንዴ የሚወሰደው 1000 ሚሊ ግራም ለሁለት ተከፍሎ 500 ጠዋት፣ 500 ማታ ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ኤክስ አር የሆነውን ግን መፍጨትም ሆነ ማኘክ አይገባም፤ የሰዓታቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና።

ግሉኮቫንስ ደግሞ ሁለቱን፣ ሜትፎርሚንንና ግሊቤንክላማይድን፣ በአንድ ኪኒን የያዘ ነው። በካርቶኑ ላይ በሕዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 500/5፣ ከታዩ ንጥረ ነገሩም ሁለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መተካት ሕክምናውን ያጎድላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ሌላ ችግር አለው፤ እዚያ ጄኔሪኩ ራሱ አንዳንዴ ይለያል። ግሊቤንክላማይድ ግላይቡራይድ፣ ፓራሲታሞል አሲታሚኖፌን፣ የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ደግሞ አልቡቴሮል ይባላሉ። ግላይቡራይድ በደቀቀ ዱቄት መልክ የተሠራ ዓይነትም አለው፤ መጠኑ 1.5፣ 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም ስለሆነ ከ5 ሚሊ ግራሙ ጋር ቁጥር በቁጥር አይተካካም።

የንግድ ስም መመሳሰልም ዋስትና አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 (እ.ኤ.አ.) ካስጠነቀቀባቸው አንዱ ዲላኮር ነው፤ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ዲልቲያዜም የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ሲሆን፣ በሰርቢያ ግን በዚሁ ስም ይሸጥ የነበረው ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት ነበር።

ማዘዣ የሚተረጉም ሰው የንግድ ስሙን በአማርኛ ድምፅ ገልብጦ ከማለፍ ይልቅ ጄኔሪኩን፣ መጠኑን ከነመለኪያው፣ ኪኒን ወይም ሽሮፕ መሆኑን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና የታዘዘበትን ሕመም መጻፍ ይገባዋል፤ የንግድ ስሙም እንዳለ በላቲን ፊደል ከጎኑ ይቀመጣል። ከቆቦ ወደ ውጭ የሚሄድ ሕመምተኛም ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ይህንኑ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍለት ቢጠይቅ፣ ስሙም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ቢሰፍር፣ የሚደርስበት አገር ፋርማሲ በአገሩ የንግድ ስም ያለውን አቻ መፈለግ ይችላል።