«ማልሁ» ያለ ታካሚ፦ መሐላና የለውጥ ንግግር በሆሳዕና የምክር ክፍል

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ከተሞች አልኮል ያስቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ጤና ባለሙያ ዘንድ የሚደርሰው ሽማግሌ መክሮት፣ ቤተ ክርስቲያንም ገሥጾት ነው። በተለይ መጠጥን በሚከለክሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ስለሚያውቅ «ተውኩ» ለማለት አይቸገርም። ባለሙያው ይህን ቃል እንደ ውጤት ከቆጠረው ምክሩ ሳይጀመር ያበቃል። ዊሊያም ሚለር በ1983 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚሻው ታካሚው የራሱን ምክንያት በራሱ አንደበት እንዲያወጣ ነው። ቀጥሎ ያለው ለማስተማሪያ የተሰናዳ ምልልስ ነው፤ ታካሚው ማታ ማታ አረቄ የሚጠጣ የባጃጅ ሹፌር ነው።

ታካሚ፦ በቃ ሲስተር፣ ከዛሬ ጀምሮ አልነካም። ማልሁ።
ነርስ፦ ቃል መግባቱ ለእርስዎ አዲስ አይመስልም።
ታካሚ፦ ስንቴ! ለፓስተሩም ለሚስቴም ብያለሁ። ማታ ባጃጄን ሳቆም ግን ጓደኞቼ ይጠሩኛል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል።
ነርስ፦ ቃሉ የሚፈርሰው እዚያች ሰዓት ላይ ነው።
ታካሚ፦ አዎ። የቀኑ ገቢ እዚያው ያልቃል። ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትጠይቀኝ ዓይኗን ማየት ያቅተኛል።
ነርስ፦ የምትተማመንብዎት አባት መሆን ይፈልጋሉ።
ታካሚ፦ በጣም። ይህን ሳምንት ባጃጁን ቤት አድርሼ፣ ገንዘቡን ለሚስቴ ልሰጥ።

የመጀመሪያው መሐላ ጠንካራ ቢመስልም ምክንያትም ሰዓትም የለውም፤ ለነርሷ የቀረበ አክብሮት ነው ማለት ይቀላል። እሷም አላመሰገነችውም፣ አልተጠራጠረችውምም፤ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ገምታ መለሰችለት። «ይከብዳል» ሲል ባለበት የመቆየት ንግግር ነው፤ ነርሷ ግን አልተከራከረችም፣ ችግሩን ወደ አንዲት ሰዓት አጠበበችው። የልጁ ነገር የመጣው ከዚያ ነው። እሱ የተናገረው ስለ እፍረቱ ሲሆን እሷ ግን በእፍረቱ ውስጥ ያለውን ምኞት አነሳች፤ ከሦስቱ ነጸብራቆች ጥልቁ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ የመጣው ቃል ከመሐላው ያነሰ ይመስላል፤ ጊዜ፣ ቦታና ድርጊት ግን አለው። አምራይንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎችን ንግግር ሲመረምሩ ውጤቱን የተነበየው በክፍለ ጊዜው ማብቂያ አካባቢ የሚሰማው የቁርጠኝነት ጥንካሬ መሆኑን አግኝተዋል። ሲገባ የተማለ መሐላ ብዙ የማይነግረን ለዚህ ነው።

«ሕዝባችን ከባለሙያ የሚጠብቀው ምክር ነው፤ ዝም ብሎ ቃሉን መመለስ ስንፍና ይመስለዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነትነት አለው። ዘዴው ግን ምክርን አይከለክልም፤ «የማውቀውን ልንገርዎት?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅን፣ ከነገሩም በኋላ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ማለትን ይጨምራል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሕክምና ነው፦ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ወይም መጠጥ ሲያቋርጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ የታየበት ሰው በንግግር ብቻ አይረዳም። እንዲህ ያለው ታካሚ በድንገት ካቆመ ሕይወቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ስለሚችል፣ ነርሷ ስለ ጠዋቱ ሁኔታ ሳትጠይቅ የማቆሚያ ቀን ልትቀጥርለት አይገባም፤ ምልክቱ ካለበት መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ትላከው።