የኔከር ሒሳብና ያልታተመው ማብራሪያ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1781 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፋይናንስ ዋና ዲሬክተር የነበረው ዣክ ኔከር ለንጉሥ ሉዊ 16ኛ ያቀረበው የሒሳብ መግለጫ በንጉሡ ማተሚያ ቤት ታትሞ ለሕዝብ ተሸጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመንግሥት ገቢና ወጪ ምሥጢር ሆኖ ይጠበቅ ስለ ነበር፣ መጽሐፉ በሺሕ የሚቈጠር ቅጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቀ። በመጨረሻዎቹ ገጾች የሰፈሩት ሠንጠረዦች ገቢው 264,154,000 ሊቭር፣ ወጪው 253,954,000 ሊቭር መሆኑንና 10,200,000 ሊቭር ትርፍ መኖሩን ያስረዱ ነበር። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ውስጥ ገብታ ከፍተኛ ገንዘብ ታወጣ ስለ ነበር፣ ውጤቱ አንባቢን እጅግ አስደነቀ።

የዚህ ትርፍ ምንጭ ኔከር ለሒሳቡ የመረጠው መነሻ ነው። ሠንጠረዡ የሚያሳየው «መደበኛ» የተባለውን ዓመት ማለትም በየዓመቱ የሚደጋገመውን ገቢና ወጪ ሲሆን፣ ለጦርነቱ በቀጥታ የሚወጣውና ለዚሁ የሚበደሩት ገንዘብ ከሒሳቡ ውጭ ነበሩ። ሆኖም የብድሩ ወለድ በየዓመቱ የሚከፈል በመሆኑ በመደበኛ ወጪ ውስጥ ተካቷል። ስለዚህ 10 ሚሊዮኑ በ1781 ዓ.ም. በግምጃ ቤት የተገኘ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን፣ ለወደፊት ብድር ወለድ መክፈል ይቻላል ለማለት የቀረበ ማስረጃ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የገቢው አመዘጋገብ ነው። በዚያ ዘመን ግብር ሰብሳቢው ከያዘው ገንዘብ ላይ ወለድ፣ ጡረታና የአካባቢ ደመወዝ ከፍሎ የተረፈውን ብቻ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ይልክ ነበር። የኔከር ሠንጠረዥ የያዘው ይህንኑ የተጣራ ገቢ ነው። ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ አንድ አውራጃ 100 ሊቭር ሰብስቦ 40ውን በቦታው ቢከፍልና 60ውን ቢልክ፣ ግምጃ ቤቱም 55 ቢያወጣ፣ በተጣራው ስሌት 60 ሲቀነስ 55፣ ትርፉ 5 ይሆናል። በጠቅላላው ስሌትም 100 ሲቀነስ 95፣ ትርፉ ያው 5 ነው። ነገር ግን መርማሪው የተጣራውን ገቢ ይዞ ጠቅላላውን ወጪ ቢቀንስበት፣ 60 ሲቀነስ 95፣ የ35 ጉድለት ያገኛል። ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው ትክክል ሲሆኑ ውጤቱ ስሕተት ይሆናል። ይህንን ለማወቅ የሚቻለው በእያንዳንዱ መስመር ሥር ምን እንደ ተቀነሰ የተጻፈ እንደሆነ ብቻ ነው።

ኔከር ደጋፊ ሰነዶቹ ለንጉሡ መቅረባቸውን ቢገልጽም፣ ከመጽሐፉ ጋር አልታተሙም። እርሱም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሥራውን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1787 ዓ.ም. የፋይናንስ ኃላፊ የነበረው ካሎን የመኳንንቱን ጉባኤ ሰብስቦ አዲስ ግብር በጠየቀ ጊዜ፣ በ1781 ዓ.ም. የነበረው ትርፍ ሳይሆን 46 ሚሊዮን ገደማ ጉድለት ነው ሲል ተናገረ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የተፈጠረው ልዩነት 56 ሚሊዮን ሊቭር ያህል ነበር። ኔከር መልስ አሳትሞ ስላወጣ ከፓሪስ እንዲርቅ ታዘዘ፤ ካሎንም በዚያው ሰሞን ከሥልጣኑ ተሻረ።

ጉባኤው ክርክሩን ሊፈርድ ያልቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ካሎን የተመለከተው በዓመቱ በእርግጥ የገባውንና የወጣውን ሲሆን፣ ኔከር ደግሞ የሚደጋገመውን ዓመት ነበር። በዚህ ላይ የመንግሥት ገንዘብ በብዙ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ይያዝ ስለ ነበርና ሒሳቡም ሻምብር ደ ኮምት በተባለው የሒሳብ መርማሪ ፍርድ ቤት የሚዘጋው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ አንድ ክፍያ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ራሱ የሚያከራክር ነበር። ኔከር እ.ኤ.አ. በ1788 ዓ.ም. መስመር በመስመር የሚያብራራ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ፤ ካሎንም በበኩሉ ከለንደን መለሰ። ማብራሪያው ግን ከሠንጠረዡ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣ በመሆኑ፣ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ መከላከያ ተነበበ።

በዚያው ዓመት በብሪየን ዘመን የወጣው መግለጫ መደበኛውንና ልዩውን ወጪ ባንድነት በማቅረቡ፣ ወጪው 629፣ ገቢው 503 ሚሊዮን ሊቭር ገደማ ሆኖ ጉድለቱ 126 ሚሊዮን መሆኑ ታየ። የታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የኔከር አኀዞች ከመዛግብቱ ጋር እንደሚስማሙ ተከራክሯል፤ ሌሎች ግን መነሻውን ራሱን ይነቅፋሉ።

ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። አኀዙ ከየትኛው መዝገብ ተወሰደ? የሚመለከተው የትኛውን ዓመት ነው? ጠቅላላ ነው ወይስ ተቀናሹ የወጣለት? ከሒሳቡ ውጭ የተተወውስ ምንድን ነው? እነዚህ አራት መልሶች እ.ኤ.አ. በ1781 ዓ.ም. ከሠንጠረዡ ግርጌ ታትመው ቢሆን ኖሮ፣ ካሎንና ኔከር ሊከራከሩ የሚችሉት በመነሻው ተገቢነት ላይ እንጂ በ56 ሚሊዮን ሊቭር መኖርና አለመኖር ላይ ባልሆነ ነበር።