ሦስት ዙር በዐሥር ወይስ ሰባት ዙር በሦስት? ጡንቻን ለማሳደግና ከፍተኛ ጉልበትን ለማዳበር የሚሠሩ ልምምዶች ልዩነት

ክብደት በሚነሣበት ጂም ሁሉ የሚነገረው ደንብ አጭር ነው። ጉልበት የሚፈልግ ሰው ከ1 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ከባድ ክብደት ይያዝ፣ በዙሮች መካከልም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይረፍ። ጡንቻውን ማሳደግ የሚፈልግ ደግሞ መካከለኛ ክብደት ይዞ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይደጋግም፣ ዕረፍቱም ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ደንቡ በመማሪያ መጻሕፍትም ለብዙ ዓመታት ሰፍሮ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የማሳየው ግን ስለ ጉልበት የሚለው ክፍል በሙከራ ሲፈተሽ እንደጸና፣ ስለ ጡንቻ መጠን የሚለው፣ በተለይም ዕረፍትን የሚመለከተው፣ መታረም እንደሚያስፈልገው ነው።

ሁለቱን ስልቶች ፊት ለፊት ካገናኙት ሙከራዎች አንዱን በኒው ዮርክ የሌማን ኮሌጅ ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቻቸው በ2014 አሳትመዋል። የክብደት ልምምድ ልምድ ያላቸው 17 ወጣት ወንዶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሠሩ። የመጀመሪያው ቡድን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በ3 ዙር፣ በየዙሩ 10 ጊዜ፣ 90 ሰከንድ እያረፈ ሠራ። ሁለተኛው በ7 ዙር፣ በየዙሩ 3 ጊዜ፣ 3 ደቂቃ እያረፈ። አጠቃላይ የተነሣው ክብደት በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በመጨረሻ የክንድ ጡንቻቸው ውፍረት በአልትራሳውንድ ሲለካ ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ 13 በመቶ ገደማ ጨምረው ተገኙ። በቤንች ፕሬስ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሡት የሚችሉት ክብደት ግን በከባዱ ቡድን ዘንድ ይበልጥ አደገ። የአንድ ቀን ልምምድ ለመጀመሪያው ቡድን 17 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ ለሁለተኛው 70 ደቂቃ ገደማ ፈጅቷል፤ በከባድ ክብደት የሠሩት የድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ስሜትም ይበልጥ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ በሦስት ድግግሞሽም ጡንቻ ያድጋል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ለጡንቻ መጠን መካከለኛ ድግግሞሽ የሚመረጠው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ከ6 እስከ 12 ባለው ቁጥር ውስጥ የተለየ ነገር ስላለ አይደለም።

ምክንያቱ ያለው ጡንቻ በሚታዘዝበት መንገድ ላይ ነው። እያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ነርቭ የራሱን የጡንቻ ክሮች ያዛል፤ ሰውነትም አስቀድሞ ትንንሾቹን ይጠራና ትልልቆቹን የሚጨምረው ሥራው ሲከብድ ነው። ክብደቱ ከባድ ከሆነ ትልልቆቹ ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ ይሰለፋሉ። ቀላል ከሆነም የመጀመሪያዎቹ ክሮች ሲደክሙ ትልልቆቹ ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ስለዚህ ሰውየው አንድ ተጨማሪ ድግግሞሽ እስኪያቅተው ድረስ ከቀጠለ ክሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሠራሉ። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይህንን አሳይቷል። ለ10 ሳምንታት በከፍተኛው ክብደት 30 በመቶና 80 በመቶ፣ እስኪያቅት ድረስ የሠሩ ጭኖች በተቀራራቢ መጠን አደጉ፤ ጉልበታቸው ግን በ80 በመቶ በሠሩት ዘንድ በለጠ። እዚህ ላይ «እስኪያቅት ድረስ» የሚለው ሁኔታ ሊዘለል አይገባም። ሃያ አምስት ጊዜ ማንሣት የሚችለውን ክብደት ይዞ አሥራ ሁለተኛው ላይ የሚያቆም ሰው ትልልቆቹን ክሮች ሳይነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጉልበት ግን የጡንቻ መጠን ብቻ አይደለም። ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻቸው ገና ሳይወፍር ጉልበታቸው በግልጽ የሚጨምረው የነርቭ ሥርዓቱ ስለሚማር ነው፤ ክሮችን በፍጥነትና በአንድነት መጥራትን፣ ተቃራኒ ጡንቻዎችን ማላላትን፣ ብረቱን በትክክለኛው መስመር መግፋትን ይማራል። ይህ ትምህርት የሚገኘው ከጣሪያው፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ ሊነሣ ከሚችለው ክብደት፣ በቀረበ ጭነት፣ በዚያው እንቅስቃሴ ነው። አንድን ክብደት 10 ጊዜ ማንሣት የሚያለማምደው በዋናነት 10 ጊዜ ማንሣትን ነው።

ዕረፍትን በተመለከተ የቆየው አስተሳሰብ በሆርሞን ላይ የቆመ ነበር። አጭር ዕረፍት ከልምምዱ በኋላ የዕድገት ሆርሞንን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ከዚህም ጡንቻን ያሳድጋል ተብሎ ተደመደመ። በማክማስተር በ2010 የታተመ ሥራ ግን ይህ ጊዜያዊ ጭማሪ ለክንድ ጡንቻ ዕድገትም ሆነ ለጉልበት የጨመረው ነገር እንዳልነበረ አሳይቷል። ሾንፌልድም በ2016 ባሳተሙት ሙከራ 21 ልምድ ያላቸው ወጣት ወንዶች ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ እየሠሩ ግማሾቹ 1 ደቂቃ፣ ግማሾቹ 3 ደቂቃ እንዲያርፉ አድርገዋል። ከ8 ሳምንታት በኋላ 3 ደቂቃ ያረፉት በጉልበት ብቻ ሳይሆን በፊት ጭን ጡንቻ ውፍረትም በልጠው ተገኙ። ምክንያቱን ከጡንቻው የኃይል ምንጭ መረዳት ይቻላል። ለአጭርና ከባድ ጥረት ዋናው ነዳጅ ፎስፎክሬቲን ነው፤ ከከባድ ዙር በኋላ አብዛኛውን ለመተካት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ዕረፍቱ ካጠረ ቀጣዩ ዙር የሚቋረጠው ጡንቻው በቂ ሥራ ሳይሠራ ነው። በ1 ደቂቃ ዕረፍት 10፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 4 ድግግሞሽ የሚመዘግብ ሰው ከ30 ድግግሞሽ አሥሩን ለሰዓቱ ከፍሏል ማለት ነው። እንደ ስኳት ላሉ ብዙ ጡንቻ ለሚያሠሩ እንቅስቃሴዎች ቢያንስ 2 ደቂቃ ማረፍ፣ ለትንንሾቹ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል መፍቀድ ተገቢ ይመስለኛል።

ሁለቱ ግቦች የሚለያዩበትን ነጥብ በአንድ ሰው ሒሳብ እንከተለው። ቤንች ፕሬስ ላይ ጣሪያው 100 ኪሎ ነው እንበል። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበሩት ቦይድ ኤፕሌይ ያወጡት የታወቀ ቀመር ጣሪያን የሚገምተው እንዲህ ነው፦

ጣሪያ = ክብደት × (1 + ድግግሞሽ ÷ 30)

በዚህ መሠረት ሰውየው 10 ጊዜ ማንሣት የሚችለው 75 ኪሎ፣ 3 ጊዜ የሚችለው 91 ኪሎ ገደማ ነው። 3 ዙር በ10 ሲሠራ በወረቀት ላይ 2,250 ኪሎ፣ 7 ዙር በ3 ሲሠራ 1,911 ኪሎ ያነሣል። ነገር ግን 90 ሰከንድ ብቻ ካረፈ 75 ኪሎውን ሁለተኛ ጊዜ 10 ማድረስ ያቅተዋል፤ ወደ 70 ከዚያም ወደ 65 ቢያወርድ ድምሩ 2,100 ይሆንና ልዩነቱ ይጠባል።

ይህ ሰው ለጥቂት ወራት በ10 ድግግሞሽ ሠርቶ 82.5 ኪሎ ደረሰ እንበል። ቀመሩ ጣሪያው 110 መሆኑን ይነግረዋል። ቀመሩ አማካይ ግምት ብቻ ነው፤ ሆኖም መነሻው ላይ ለእሱ በትክክል ሠርቷል ካልን ከራሱ ጋር ለማነጻጸር ይበቃል። ሲፈተን ግን 103 ላይ ተገታ። የቀረው 7 ኪሎ የነርቭ ሥርዓቱ ገና መጠቀም ያልተማረው ጡንቻ ድርሻ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። መፍትሔውም ድግግሞሽ መጨመር ሳይሆን ለአራት ሳምንት ያህል ከ85 እስከ 90 በመቶ በሆነ ክብደት፣ 4 ወይም 5 ዙር፣ በየዙሩ 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ቢያንስ 3 ደቂቃ እያረፉ መሥራት ነው። እዚህ እስኪያቅት ድረስ መቀጠል አያስፈልግም፤ ብረቱ በግልጽ ሲዘገይ ወይም ክርኑ ከመስመሩ ሲወጣ ዙሩ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚለመደው የተበላሸ አነሣስ ነውና። ከአራቱ ሳምንታት በኋላ ጣሪያው ወደ 110 ተጠግቶ የክንዱና የደረቱ ልክ ግን ካልተለወጠ ጭማሪው ከነርቭ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ጣሪያው 110 ደርሶ ካለፈ በኋላ እሱም የክንዱና የደረቱ ልክም ከቆሙ ደግሞ እጥረቱ የጡንቻው ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ 75 በመቶና ወደ 10 ድግግሞሽ ይመለሳል፣ ዕረፍቱን ግን ከ2 ደቂቃ አያሳንስም።